ክሎኩን በእጥፍ ሳሳድገው ሲንክሮናይዘሩ ለምን ከዳኝ?

ሔኖክ፦ አንድ የቆየ FPGA ላይ ከውጭ የሚመጣ ሲግናል አለኝ። በሰከንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይቀያየራል። በሁለት ፍሊፕ ፍሎፕ ሲንክሮናይዘር ነው የማስገባው። ክሎኩ 100 ሜጋኸርዝ እያለ ምንም አልነበረም። 200 ሳደርገው ግን ስቴት ማሽኑ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይደርቃል። እጥፍ ፍጥነት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ብሩክ፦ ክሎኩ እጥፍ ሲሆን ሲግናሉ ሲቀየር የሚነበብበት አጋጣሚም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ስህተቱም እጥፍ ነው። የዳታውን ፍጥነት በግማሽ ቀንሰውና ትገላገላለህ።

አቤል፦ እኔም ጋ አንዴ የተጫነ ቁልፍ ሁለቴ ይቆጠራል። ሦስተኛ ፍሊፕ ፍሎፕ ልጨምር?

ትዕግስት፦ አቤል፣ ያንተ የቁልፉ መንጠር ነው፤ ሚሊሰከንዶች ይፈጃል። ፍሊፕ ፍሎፕ አይፈታውም፣ ከተጫነ በኋላ 20 ሚሊሰከንድ ያህል ጠብቀህ አንብብ።

ብሩክ፣ ያልከው እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ቀመሩ ይኸው፦

```
MTBF = e^(tr/τ) / (T0 × fc × fd)
```

ክሎኩና ዳታው ከታች ናቸው፤ እጥፍ ሲሆኑ MTBFን፣ ማለትም በሁለት ስህተቶች መካከል ያለውን አማካይ ጊዜ፣ በግማሽ ይቀንሳሉ። ጉዳቱ ከላይ ነው። tr የመጀመሪያው ፍሊፕ ፍሎፕ በ0 እና በ1 መካከል ከመዋለል ወጥቶ እንዲወስን የሚያገኘው ጊዜ ነው፤ ክሎኩ ሲፈጥን እሱም ያጥራል።

τ እና T0 የፍሊፕ ፍሎፑ የራሱ ቁጥሮች ናቸው፤ ለማስላት ያህል τን 0.2፣ T0ን 0.1 ናኖሰከንድ እናድርግ። በሁለቱ ፍሊፕ ፍሎፖች መካከል ሽቦውና ሴትአፑ 1 ናኖሰከንድ ይውሰዱ። በ100 ሜጋኸርዝ tr 9 ናኖሰከንድ ይሆናል፤ ውጤቱ 110 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በ200 ግን 4 ብቻ ይቀራል፤ ውጤቱ 6.7 ሰዓት! ዳታውን በግማሽ ብትቀንስ 13 ሰዓት ትደርሳለህ። ሦስተኛ ፍሊፕ ፍሎፕ ብትጨምር ግን ሌላ 4 ናኖሰከንድ ታገኛለህ፤ ከ370 ሺህ ዓመት ይበልጣል።

አማካይ መሆኑን አትርሳ። ባለ 6.7 ሰዓቱን 40 ቦርድ ላይ ብታስኬደው በየ10 ደቂቃው አንዱ ይሳሳታል።

ሔኖክ፦ ችግሩ በእርግጥ ይሄ መሆኑን በምን ልወቅ? ሲሙሌሽኑ ንጹሕ ነው።

ትዕግስት፦ ተራ ሲሙሌሽን ፍሊፕ ፍሎፑ ሲዋልል አያሳይህም። ክሎኩን ወደ 190 ዝቅ አድርግና ቁጠር። በያዝነው ቁጥር ስህተቱ ወደ ሩብ መውረድ አለበት፣ በቀን አንዴ ገደማ። 5 በመቶ ብቻ ከቀነሰ ወይም ካልተነቃነቀ ሌላ ቦታ ፈልግ። ሁለቱን ፍሊፕ ፍሎፖች ጎን ለጎን ማስቀመጥም አትርሳ፤ በሽቦ ያለቀ ጊዜ ከtr ላይ ነው የሚቀነሰው።

ሔኖክ፦ ወደ 190 አወረድኩት፤ በቀን አንዴ ሆነ። ሦስተኛውን ልጨምር ነው። ግን አንዱ ቦርድ ከሌሎቹ በግልጽ ይብሳል፤ ዲዛይኑ ያው ነው።

ትዕግስት፦ ቮልቴጅ ሲወርድ τ ይረዝማል። የዚያን ቦርድ የኮር ቮልቴጅ ሥራ ላይ እያለ ለካው። ከሌሎቹ እኩል ከሆነ ግን ቺፑ ራሱ ይለያይ ይሆናል፤ ያንን ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም።

ብሩክ፦ ልኬቱን እዚሁ ለጥፍልን።