በጊዜያዊ ሙዚቃ ኤዲት ያደረግነው አጭር ፊልም፦ የትኛውን ማቆየት እንችላለን?

የቀኃ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ ላይ ስለሚሠሩ አንድ አዛውንት ሰዓት ጠጋኝ የ12 ደቂቃ ፊልም ሠርተናል። ኤዲት ስናደርግ ለጊዜው ብለን ሦስት ቦታ ሙዚቃ አስገባን። መግቢያው ላይ የታወቀ የውጭ ፊልም ማጀቢያ፣ መሃል ላይ የ1960ዎቹ የአማርኛ ዘፈን፣ መጨረሻው ላይ ከኢንተርኔት በነፃ ያወረድነው ፒያኖ ነው። አሁን ዳይሬክተሩ ያለ እነሱ ፊልሙን ማየት አቃተው። እኔም ብሆን። ለፌስቲቫል ማስገቢያ አምስት ሳምንት ቀርቶናል፤ ለሙዚቃ ያለን 15 ሺህ ብር ነው። የትኛውን ማቆየት እንችላለን? ደግሞ አንድ ዋና ንግግር ላይ ከጎን ካለ ሙዚቃ ቤት ዘፈን ገብቶብናል።

አዘዞ
እህቴ አትጨነቂ። ፌስቲቫል ላይ ብር አታገኙበትም፣ ስለዚህ ማንም አይጠይቃችሁም። የ60ዎቹ ዘፈን ደግሞ 50 ዓመት አልፎታል። በኛ አዋጅ ነፃ ሆኗል ማለት ነው።

ማሲንቆና ኬብል
አዘዞ፣ ግማሹ ልክ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቀረፃው ባለቤት መብት ለ50 ዓመት ነው። የግጥሙና የዜማው ግን ሌላ ነው። እሱ የሚቆጠረው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከዚያም ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ግጥሙን አንድ ሰው፣ ዜማውን ሌላ ሰው ሠርቶት ከሆነ ሁለቱንም መጠየቅ አለ። ፊልሙ ውጭ ሲታይ ደግሞ የዚያ አገር ሕግ ይመጣል። ገንዘብ አለማግኘትም ፈቃድ አይሆንም። ብዙ ፌስቲቫሎች ማመልከቻው ላይ የሙዚቃው መብት በእጃችሁ እንዳለ ያስፈርማሉ።

የውጭው ማጀቢያ ሁለት ፈቃድ ይፈልጋል፤ አንዱ ለድርሰቱ፣ ሌላው ለቀረፃው። በአምስት ሳምንትና በ15 ሺህ ብር አይሞከርም። ፒያኖውን ግን ወዲያው አትጣሉት። ያወረዳችሁበት ገጽ ላይ የተጻፈውን ፈቃድ እዩ። `CC BY` ከሆነ መጨረሻ ላይ ስሙንና ፈቃዱን ጽፋችሁ ትጠቀማላችሁ። `CC BY-NC` ከሆነ ፊልሙን የምትሸጡ ቀን ያስቸግራል። `CC BY-ND` ከሆነ አይሆንም፤ ሙዚቃን ከምስል ጋር ማያያዝ ራሱ ሥራውን እንደመለወጥ ይቆጠራል። ፈቃዱ የትኛውም ይሁን ገጹን ከነቀኑ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ያለ ሙዚቃው ማየት ያቃታችሁ ሙዚቃው ስላማረ ብቻ አይመስለኝም። ኤዲተሩ ምስሉን የቆረጠው በሙዚቃው ምት ይሆናል። ሙዚቃውን ዝጉና የመግቢያውን ቁርጦች ቁጠሩ። በእኩል ርቀት የሚመጡ ከሆነ ምስሉ የሌላ ሰው ዜማ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። አዲስ ሙዚቃ ብታሠሩም ያንኑ የሚመስል ካልሆነ አይገጥምም። ከመሰለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ሙዚቀኛ ከመጥራታችሁ በፊት መግቢያውን በድምፅ ብቻ እንደገና ቁረጡት።

ድምፁ ደግሞ በእጃችሁ ነው፤ የሰዓት ጠጋኝ ፊልም እኮ ነው! ብዙ የድሮ የእጅ ሰዓት በሰከንድ አምስት ጊዜ ይመታል፤ በደቂቃ 300 ማለት ነው። ማታ ባጃጁ ሲያርፍ አንዱን ሰዓት እንጨት ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፣ ትንሿን የልብስ ማይክ ከጎኑ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉ፣ ላዩን በጋቢ ሸፍኑ። እንጨቱ ድምፁን ያጎላዋል። ሲሞላ፣ ክዳኑ ሲከፈት፣ ወረንጦው ብርጭቆ ሲነካ ለየብቻ ቅረፁ። የሱቁንም ባዶ ድምፅ ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ያዙ።

ሰላማዊት ከማራኪ
እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለአንድ ፊልሜ ሙዚቃ ገዛሁ። የከፈልኩበት ፈቃድ ለኢንተርኔት ብቻ መሆኑን አላነበብኩም። በኋላ አንድ ቴሌቪዥን ፊልሙን ሲጠይቀኝ ሙዚቃውን መቀየር ነበረብኝ። ግን ንግግሩን፣ የአካባቢውን ድምፅና ሙዚቃውን በአንድ ላይ አውጥቼ የኤዲቱን ፋይል አጥፍቼው ነበር። ፊልሙ እንደዚያው ቀረ። እባካችሁ ሦስቱን ለየብቻ አውጥታችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

አባ መላ
ልጄ፣ ጎንደር ተቀምጠሽ ለምን የውጭ ሙዚቃ ትፈልጊያለሽ? ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛ ሄደሽ የካህናቱን ወረብ ቅጂ። የያሬድ ዜማ የሁላችን ነው።

ማሲንቆና ኬብል
አባባ፣ ዜማው ጥንታዊ ነው፤ እውነት ነው። ድምፁ ግን የዘማሪዎቹ ነውና ደብሩን ሳይጠይቁ መቅረጽ አይገባም። ለሰዓት ጠጋኙ ታሪክም የሚስማማ አይመስለኝም። ሀገርኛ ሙዚቃ የሚለው ሐሳብዎ ግን ጥሩ ነው። አንድ ማሲንቆ ይበቃቸዋል።

የቀኃ ልጅ
ትናንት ማታ መግቢያውን ያለ ሙዚቃ አየነው። 14ቱ ቁርጦች በየሁለት ሰከንዱ ነው የሚመጡት! እንዳልከው ነው። ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አባት እናውቃለን። ዘፈኑን ልናሰማቸውና «እንደዚህ አድርጉልን» ልንላቸው ነበር።

ማሲንቆና ኬብል
አታሰሟቸው። የሰው ጆሮ የሰማውን ይይዛል፤ ሳያስቡት ያንኑ ዜማ ይመልሱላችኋል። ሙዚቃው ምን እንዲሠራ እንደምትፈልጉ ብቻ ንገሯቸው። ለምሳሌ «የሚስታቸውን ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ሲያገኙ ይጀምራል፣ ክዳኑን ሲዘጉ ያቆማል፣ 50 ሰከንድ ነው» በሉ። ትዝታ ይሁን ባቲ እሳቸው ያውቁታል።

ስትቀርፁ የሰዓቱን ምት በአንድ ጆሯቸው አሰሟቸው። በደቂቃ 75 ምት ከተጫወቱ በእያንዳንዱ ምት ውስጥ አራት የሰዓት ምት ይገባል። ችክችካ ከሆነ 100 አድርጉት፣ ሦስት ሦስት ይገባል። ሙዚቃው ከሰዓቱ የወጣ ይመስላል። ካስቸገራቸው ተዉት፤ ነፃ ሆነው ይጫወቱና ሰዓቱን እናንተ ከሥር ቀንሱት። ፍራሽና ጋቢ ያለበት መኝታ ቤት ይሻላል። ማይኩ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ ደጋኑ ሲፋጭ ከተሰማ ወደ ጎን አዙሩት።

ከመጫወታቸው በፊት አንድ ገጽ ውል ተፈራረሙ። ዜማው አዲስ መሆኑ ይጻፍ። ለፌስቲቫል፣ ለቴሌቪዥን፣ ለኢንተርኔትና ለማስታወቂያ ቅንጫቢ፣ በየትም አገር፣ ያለ ጊዜ ገደብ ለዚህ ፊልም መፍቀዳቸውም ይጻፍ። ማንበብ ካልቻሉ በምስክር ፊት ይነበብላቸው። ከ15 ሺው አብዛኛውን ለእሳቸው ስጡ።

አዘዞ
ስለ ቀረፃውና ስለ ደራሲው ልዩነት አላወቅኩም ነበር፣ አመሰግናለሁ። የንግግሩን ዘፈን ግን በሶፍትዌር አጥፉት።

ማሲንቆና ኬብል
ዘፋኙና ተናጋሪው አንድ ዓይነት የድምፅ ክልል ላይ ናቸው። ዘፈኑን ስታጠፋ ንግግሩም ይበላሻል። ምስል በተቆረጠ ቁጥር ዘፈኑ ስለሚዘል ቢቀርም ያስታውቃል፤ ፈቃዱም ያው አለ። እኔ ብሆን እሑድ ማለዳ እዚያው ሱቅ ተመልሼ፣ በዚያው ማይክ፣ የራሳቸውን ድምፅ እያሰማሁ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አስደግማቸዋለሁ።

ሰላማዊት ከማራኪ
እኔ አልስማማም። ተዋናይ ያልሆነ ሰው ሲደግም ያነባል እንጂ አይናገርም። ከንግግሩ ንጹሑን ብቻ አስቀሩ። የቀረውን በእጃቸው ምስል አልፋችሁ ሥራው ይናገር።

የቀኃ ልጅ
ሁለቱንም እንሞክራለን። ሱቁን ለእሑድ ጠይቀናል። የፒያኖው ገጽ `CC BY-ND` ነው የሚለው፣ ወጥቷል። ዳይሬክተሩ ግን ስለ 60ዎቹ ዘፈን ገና አልተዋጠለትም፤ የዜማውን ደራሲ ቤተሰብ ልፈልግ እያለ ነው።

ማሲንቆና ኬብል
ይፈልግ፣ መብቱ ነው። ግን ቀን ቁረጡለት፤ እስከ ሁለት ሳምንት በጽሑፍ ካልመጣ በማሲንቆው ትዘጉታላችሁ።