ደረቅ ጦስኝ በአልኮል ለመዘፍዘፍ፦ ስንት በስንት? የስንት በመቶ አልኮል?

ጥያቄ፦ ሕይወት
100 ግራም ደረቅ ጦስኝ አለኝ፤ ለጉሮሮ መጉመጥመጫ የሚሆን ቲንክቸር ልሠራበት ነው። ቤት ውስጥ ያለው 750 ሚሊ ቮድካ (40 በመቶ) እና ከገጠር የመጣ ዳግም አረቄ ነው። የቱ ይሻላል? ስንት ልጨምር? ባለፈው እርጥቡን በብርጭቆ ለክቼ በአረቄ ዘፍዝፌው በሳምንቱ ላዩ ሻገተብኝ።

ተስፋዬ
እህቴ፣ ቮድካውን ተጠቀሚ። ለአንድ ግራም ደረቅ ቅጠል አምስት ሚሊ ነው ልኩ፤ ላንቺ 500 ሚሊ ይሆናል። የተረፈውን 250 ለሌላ ነገር አታውጪው፣ ነገ ጠዋት ትፈልጊዋለሽ።

መጀመሪያ እንጨት እንጨቱን ልቀሚና ቅጠሉን በሙቀጫ ሰበር ሰበር አድርጊው፤ የሻይ ቅጠል ካከለ ይበቃል። ዱቄት ካደረግሽው ጭቃ ይሆንና በጨርቅ አልጠልል ይላል። ሳትወቅጪው ከዘፈዘፍሽው ደግሞ በ500 ሚሊ አይሸፈንም። የምትመዝኚው በሚዛን ይሁን፤ ያልተወቀጠና የተወቀጠ ጦስኝ በአንድ ብርጭቆ እኩል አይመዝንም።

በብርጭቆ ማሰሮ አድርገሽ ቮድካውን ጨምሪና በደንብ ነቅንቂው። ማታ የተሸፈነ መስሎሽ ያደረ ቅጠል ጠዋት ፈሳሹን ጠጥቶ፣ አብጦ፣ ጫፉ ከላይ ደርቆ ታገኚዋለሽ። ያኔ ከተረፈው ቮድካ ቅጠሉን አንድ ጣት እስኪያልፍ ጨምሪበትና የጨመርሽውን ጻፊው። 100 ሚሊ ከጨመርሽ አንድ ለስድስት ሆነ ማለት ነው። አልተበላሸም፣ ትንሽ ቀጠነ እንጂ።

ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠሽ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ነቅንቂው። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልለሽ አተላውን አጥብቀሽ ጭመቂ። ካፈሰስሽው ያነሰ ነው የሚወጣው፣ ቅጠሉ የያዘውን ያህል ያስቀራል፤ ጎደለ ብለሽ ውሃ እንዳትሞዪበት። አንድ ሌሊት አስቀምጪው፣ ዝቃጩ ታች ሲቀር የጠራውን ወደ ጥቁር ብልቃጥ ገልብጪ። በላዩ ላይ «ጦስኝ፣ 1 ለ5፣ 40 በመቶ» ብለሽ፣ 100 ሚሊ ከጨመርሽበት ደግሞ በ1 ለ5 ፋንታ «1 ለ6» ብለሽ፣ ቀኑን ጻፊበት።

ስለ ሻጋታው፦ እርጥብ ቅጠል ሦስት አራተኛው ውሃ ነው ብለሽ አስቢው። 100 ግራም እርጥብ በ200 ሚሊ ባለ 30 አረቄ ብትዘፈዝፊ፣ ቅጠሉ 75 ሚሊ ያህል ውሃ ይለቅና አልኮሉ ወደ 22 በመቶ ይወርዳል። በዚያ ላይ ቅጠሉ ከፈሳሹ ወጥቶ አየር ካገኘ መሻገቱ አይቀርም። እንዲያ የሆነውን አታጥልይው፣ ይደፋ።

ዮናስ
ለምን በ40 ትቸገራለች? አልኮል በጠነከረ ቁጥር የበለጠ ያወጣል። እኔ ጋ ባለ 95 አለ፤ ለሁሉም ቅጠል እሱን ነው የምጠቀመው።

ተስፋዬ
ዮናስ፣ ስለ ዘይቱ ልክ ነህ። የጦስኙ ሽታ ያለበት ዘይት ጠንከር ያለ አልኮል ይወዳል፤ 45 ወይም 50 ቢገኝ ከ40 ይሻላል። የቅጠሉ ሌላ ነገር ግን፣ አፍ የሚያኮማትረው ጭምር፣ ውሃም ይፈልጋል። በ95 ስትዘፈዝፈው እንደ ሣር አረንጓዴ ሆኖ ይወጣና ያማረ ይመስላል፤ አረንጓዴው የቅጠሉ ቀለም ነው፣ የብርታት ምልክት አይደለም። ያለህን ወደ 45 አውርደው፦ 500 በ45 አባዝተህ ለ95 ብታካፍለው 237 ሚሊ ያህል ይመጣል። ያንን ለክተህ 500 እስኪሞላ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምርበት። ይህን የምታደርገው ቅጠሉን ከመዘፍዘፍህ በፊት ነው። በ95 ከወጣ በኋላ ውሃ ብትጨምርበት የሟሟው ተመልሶ ይደፈርሳል።

ማርታ
ባለ 95ቱ ቦታው ከርቤ ላይ ነው። ከርቤ ሙጫም ዝፍትም ነው፤ ሙጫው ውሃ ይፈልጋል፣ ለድድና ለአፍ የሚፈለገው ዝፍቱ ግን የሚሟሟው በአልኮል ነው። በቮድካ ብትዘፈዝፉት ማሰሮው ሥር የሚያጣብቅ ጓል ሆኖ ይቀራል፣ ፈሳሹም ደፍርሶ አይጠራም። 20 ግራም ከርቤ በ100 ሚሊ ባለ 90 ነው ልኩ፤ አንድ ለአምስትነቱ ያው ነው፣ የተለወጠው ብርታቱ ብቻ ነው። ስትወቅጡት ሙቀጫው ላይ እንዳይለጠፍ አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ ይደር፣ ከዚያ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በደንብ መውጣቱን ለማወቅ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ላይ ጣል አድርጉ፤ ወዲያው እንደ ወተት ነጭ ይሆናል። ሥሩ የቀረው ሙጫ ነው፣ አይሟሟም፣ አትጠብቁት።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ጠርሙሱ ላይ 190 ፕሩፍ ከተጻፈ 95 በመቶ ነው፣ ለሁለት ማካፈል ነው። የማይሸጥበት ስቴት ስላለ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ራሔል
የሦስት ዓመት ልጄን ሳል ይዞታል። ይህን በሙቅ ውሃ ጠብ ባደርግለት አልኮሉ ይተናል አይደል?

ማርታ
ሙሉ በሙሉ አይተንም የኔ እናት፣ ሙቅ ውሃ የሚያስወጣው ጥቂቱን ነው። ለሕፃን ቲንክቸር አትስጪ። ጦስኙን ቀጠን አድርገሽ በሻይ መልክ አፍልተሽ ከማር ጋር ስጪው፤ ዓመት ስላለፈው ማር ይችላል። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ትልቅ ሰውም ቢሆን አልኮል ያለበትን አይጠጣ።

ኃይሌ
ስለ አረቄው ማንም አልመለሰም። ዳግም ስለተባለ ብርታቱ ይታወቃል ማለት አይደለም፤ ከቤት ቤት ይለያያል። በክብሪት እየለኮሱ «ነደደ፣ ንጹሕ ነው» የሚሉም አሉ። መንደዱ መጠኑን አይነግርም፤ መርዘኛው ሜታኖልም ይነዳል። በተንሳፋፊ የአልኮል መለኪያ 20 ዲግሪ ላይ ብትለኪው በመቶኛውን ታገኚያለሽ፣ ያውም ንጹሑን አረቄ ቅጠል ሳይገባበት። ቅጠል ከገባ በኋላ የሟሟው ነገር ንባቡን ያሳስተዋል። ማን እንዴት እንዳወጣው ካላወቅሽ ግን መለኪያውም ሜታኖሉን ለይቶ አይነግርሽም፣ ተዪው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ለቁስል የሚሆን ባለ 70 አልኮልም ማንም እንዳይነካው፤ የማይጠጣ ነገር የተቀላቀለበት አለ።

ሕይወት
ወቅጬ ዘፈዘፍኩት። እንዳላችሁት ጠዋት ጫፉ ደርቆ አገኘሁትና 120 ሚሊ ጨመርኩበት፤ ብልቃጡ ላይ አንድ ለስድስት ብዬ ልጽፍ ነው። ስጉመጠመጥ ስንት ላድርግ? ሁለት ሳምንትስ በእርግጥ ይበቃል?

ተስፋዬ
አንድ የሻይ ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ ተጉመጥምጠሽ ትፊው። ተወቅጦ በየቀኑ ከተነቀነቀ ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ትንሽ ነው።

ማርታ
እዚህ ላይ ከተስፋዬ ጋር አልስማማም። ባለ 40 ቮድካ ቀስ ብሎ ነው የሚያወጣው፤ እኔ አራት ሳምንት ሳይሞላው አላጠልልም። ሕይወት፣ በሁለተኛው ሳምንት 50 ሚሊ ቀንሰሽ ለብቻ አጥልይ፣ የቀረው አራት ሳምንት ይቆይ። ከሁለቱም አንዳንድ ጠብታ ምላስሽ ላይ አድርገሽ ሽታውንና ማቃጠሉን አስተያዪና ንገሪን።