ሁለት ሥራ አገኘሁ፣ ነገ 4 ሰዓት መልስ ስጪ ተብያለሁ፦ 32 ሺ ወይስ 24 ሺ?

ሰብሊ_አያት
ሰላም ቤተሰብ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሁለት ቦታ አካውንታንትነት አልፌያለሁ። አንዱ አስመጪ ነው፣ ቃሊቲ፣ 32 ሺ፣ ሰኞ ጀምሪ ይላል። ሌላው ባንክ፣ ዋና መስሪያ ቤት፣ 24 ሺ፣ ሰርቪስና ህክምና አለው፣ ቦነስም አለ ይላሉ። 8 ሺ ብር ቀላል ልዩነት አይደለም፣ 32ቱን ልያዝ አይደል?

ጋሽ_ጥ
ልጄ ባንክ ግቢ። እኔ 22 ዓመት የሠራሁት ባንክ ነው፣ ልጆች ያስተማርኩበት ነው። የግል አስመጪ ዶላር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀንሰው ሠራተኛ ነው። የዛሬ ልጆች ደሞዙን ብቻ ታያላችሁ።

ናቲ_ፒያሳ
8 ሺው እኮ ግብር ይበላዋል። 32 ሺ በ35 ፐርሰንት ሲባዛ 11,200፣ 1,500 ሲቀነስ 9,700 ግብር።

መዝገብ_ያዥ
ናቲ 1,500 የድሮው ነው፣ ከሐምሌ 2017 ወዲህ የሚቀነሰው 2,050 ነው። ሰብሊ ሁለቱም ደሞዝ ከ14 ሺ በላይ ስለሆነ ልዩነቱ ላይ 35 ፐርሰንት ግብርና 7 ፐርሰንት ጡረታ ይሄድበታል። ከ32 ሺው 20,610 እጅሽ ይገባል፣ ከ24 ሺው 15,970። 8 ሺ ያልሽው 4,640 ሆነ ማለት ነው። አሁን የትራንስፖርትሽን ንገሪኝ፣ ቤትሽ የት ነው?

ሰብሊ_አያት
ቤቴ አያት ነው። ለኢንተርቪው የሄድኩ ቀን በባቡር ስታዲየም ድረስ ሄጄ የቃሊቲውን ስጠብቅ 40 ደቂቃ ቆምኩ፣ መጨረሻ ላይ ወርጄ ታክሲ ያዝኩ። ደርሶ መልስ 120 ብር አካባቢ ያስወጣል፣ ቅዳሜም ሙሉ ቀን ነው አሉኝ።

መዝገብ_ያዥ
በ26 ቀን 3,120 ብር። ከ4,640 ላይ አንሺው፣ 1,520 ቀረ። ባንኩ የአንድ ወር ቦነስ ቢሰጥ ከግብር በኋላ 15,600 ነው፣ ለ12 ወር ስታካፍዪው በወር 1,300። በብር ሁለቱ እኩል ሆኑ ማለት ይቻላል። ግን ቦነስ ባንኩ ሲያተርፍ ነው፣ የመጀመሪያ ዓመት ደግሞ ብዙ ጊዜ በሠራሽበት ወር ልክ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ እርግጠኛ ገንዘብ አድርገሽ አትቁጠሪው።

ቤቲ_ሀያት
የቱ ባንክ ነው? እኔም ማርኬቲንግ ተመርቄ ቁጭ ብያለሁ፣ ሲቪ የት ነው የሚገባው?

ኪያ_ፋይናንስ
ሁላችሁም ባንክ ባንክ ትላላችሁ ግን ልጅቷ የምትማረውስ? እኔ ባንክ ገብቼ ሦስት ዓመት ሙሉ ሂሳብ ማስታረቅ ላይ ብቻ ቁጭ አልኩ፣ ሌላ ምንም አልነካሁም። አስመጪ ጋ ስሄድ ግን ዲክላራሲዮኑን ይዤ የዕቃውን ዋጋ ማውጣት፣ ቫት ማሳወቅ፣ ዓመታዊ ሂሳብ መዝጋት ሁሉንም በእጄ ሠራሁ፣ ዛሬ ሲኒየር ነኝ። ባንኩን የትኛው ክፍል ነው የምመደበው ብለሽ ጠይቂ፣ ፋይናንስ ነው ካሉሽ ይለያል።

ጋሽ_ጥ
የቤት ብድሩንስ? የባንክ ሠራተኛ በትንሽ ወለድ ቤት ይሠራል።

መዝገብ_ያዥ
ጋሼ ልክ ኖት፣ ግን ስንት ዓመት ከሠሩ በኋላ እንደሚፈቀድና አሁን እየተሰጠ መሆኑን ትጠይቅ። ስትለቅ ደግሞ ወለዱ ወደ ገበያው ዋጋ ይወጣል፣ ያ ያስራታል። ሰብሊ ዋናው ጥያቄ፦ የአስመጪው 32 ሺ መነሻ ደሞዝ ነው ወይስ ከአበል ጋር?

ሰብሊ_አያት
አሁን ደብዳቤውን አየሁት 😳 መነሻ 14 ሺ፣ "ልዩ ልዩ አበል" 18 ሺ ይላል።

መዝገብ_ያዥ
በይ ይሄ ነገር ቀየረ። ጡረታ የሚቆረጠው ከ14 ሺው ብቻ ስለሆነ በወር 1,260 ብር ተጨማሪ እጅሽ ይገባል፣ ግን ድርጅቱም 11 ፐርሰንቱን የሚከፍልልሽ ከ14 ሺ ላይ ነው፣ 1,540 ብር። ባንኩ 2,640 ይከፍልልሻል። ትርፍ ሰዓትም ያልተጠቀምሽው ዓመት ፈቃድም የሚሰላው ከመነሻው ነው። ነገ 4 ሰዓት ላይ እሺ ከማለትሽ በፊት "ልዩ ልዩ" የሚለውን በዝርዝር ይጻፉልሽ፣ አበሉ ሊነሳ እንደሚችልና እንደማይችልም አብረው ይጻፉ። እምቢ ካሉ እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

ኪያ_ፋይናንስ
እኔም አበል የሚለው ሲሆን አልገባበትም ነበር። ለመሆኑ አሁን ሥራ ላይ ነሽ?

ሰብሊ_አያት
አዎ ሦስት ዓመቴ ነው

ኪያ_ፋይናንስ
እና ሰኞ እንዴት ትጀምሪያለሽ? በአዋጅ 1156 የ30 ቀን ማስታወቂያ መስጠት አለብሽ። ዝም ብለሽ ከወጣሽ ክሊራንስና የሥራ ልምድ ወረቀት ያስቸግሩሻል፣ ባንኩ ደግሞ ክሊራንስ ካላመጣሽ አይቀበልሽም። በሁለቱም ቦታ የሙከራ ጊዜው ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፣ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ፊርማ የተደረገበት ደብዳቤ እጅሽ ሳይገባ አሁን ያለሽበትን እንዳትለቂ።

ናቲ_ፒያሳ
እኔ አሁንም አስመጪው ይሻላል ባይ ነኝ፣ አበልም ብር ነው።

ቤቲ_ሀያት
ሰብሊ ምን መለስሽላቸው?