የቼክ ቫልቩ ቀስት ወደ ፓምፑ ዞሮ አገኘሁት

ሰላም ወገኖች፣ የውሃ ፓምፕና የታንከር ንድፍ ማንበብ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ከታንከሩ ሥር የወጣው መስመር ጫፍ ለጫፍ በገጠሙ ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ምልክቶች አልፎ ፓምፑ ይገባል። ይሄ መዝጊያ ቫልቭ ነው፤ እስከዚህ ሰላም ነው።

ከፓምፑ መውጫ ቀጥሎ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ አለ። ቀስቱ ግን ወደ ፓምፑ ያያል! እንዲህ ከተገጠመ ፓምፑ ቢነሳም ውሃ አያልፍም። ንድፉን የሣለው ሰው ስህተት ነው ወይስ እኔ ነኝ ገልብጬ የማነበው?

ደግሞ ከቼክ ቫልቩ በፊት ወደ ታንከሩ የሚመለስ ቀጭን መስመር አለ። የሱ ቫልቭ ባለሦስት ማዕዘን ምልክቶች በጥቁር ተሞልተዋል። በሥራ ጊዜ ዝግ ነው ማለት ነው? ዝግ ከሆነ፣ ዋናው መውጫ ሲዘጋ ፓምፑ ያንኑ ውሃ እያሽከረከረ አይግልም? የምልክቶቹ መግለጫ ገጽ የለኝም።