የጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ጌም ቴክስቸር ዕቅድ፦ ረቂቅ 2

ኪሩ፦ ያለፈው ረቂቅ ይቅር። አሁን የምናሳድገው የጌሙ ትልቁ ጥቅል gta3.img ውስጥ ያለውን ቴክስቸር በሙሉ ነው። ምስሎቹን የያዙትን የ.txd ፋይሎች እናወጣለን፣ ምስሎቹን ሪል-ኢኤስአርጋን በሚባለው ማሳደጊያ ፕሮግራም 4 እጥፍ እናሳድጋለን፣ መልሰን እንጠቀልላለን። ጋሽ ታዴ ከወደዱት ለሁለቱም ጌም ቤቶቻቸው ይገዙልናል። ስሙ «ሳን አንድሪያስ 4ኬ»።

ቤቢሾ፦ 4ኬ አይደለም። 256 በ256 የነበረው 1024 በ1024 ይሆናል። ይሄ 1ኬ ነው።

ኪሩ፦ ስም እኮ ነው።

ቤቢሾ፦ ውሸት ነው። 4 እጥፍ እና 4ኬ አንድ ነገር አይደሉም።

ዳኒ ዱባይ፦ ሰው 4ኬ ካላየ አይገዛም። ማሳደጉን ለእኔ ተዉት፣ ግራፊክስ ካርዴ ጠንካራ ነው። እሁድ አልቆ ታገኙታላችሁ።

የቄራው፦ ለስልክ ይሆናል? የእኔ ስልክ ላይ መንገዱ ጭቃ ነው የሚመስለው።

ሄኖክ፦ አይሆንም። የስልኩ ቴክስቸር አቀማመጡ ሌላ ነው። ኪሩ፣ ስሙን ተወውና ይሄን ስማኝ። አንድ TXD ውስጥ 20 ምስል አለ እንበል፣ እያንዳንዱ 256 በ256፣ በDXT1 የተጨመቀ። አንዱ 32 ኪሎባይት ነው፣ ሃያው 640። በ4 ስታሳድገው ስፋቱም ቁመቱም ስለሚባዛ 16 እጥፍ ይሆናል። 10 ሜጋ። ጌሙ በመንገድ ላይ እየጫነ ለሚሄደው ነገር ሁሉ የሚመድበው ደግሞ 50 ሜጋ ገደማ ነው። አምስት እንደዚህ ያለ ፋይል ከሞላው መኪናና ሕንፃው የት ይግባ?

ኪሩ፦ ምን ይሆናል ታዲያ?

ሄኖክ፦ በፍጥነት ስትነዳ አስፋልቱ ይጠፋል። ከፊትህ ያለው ሕንፃ ዘግይቶ ብቅ ይላል። ካርዱ ምንም ቢጠነክር ያው ነው፣ ገደቡ ጌሙ ውስጥ ነው።

ቤቢሾ፦ ሞድሎደር ተጠቀሙ፣ ችግሩ ያልቃል።

ሄኖክ፦ ግማሹ ልክ ነው። ሞድሎደር መጠቅለሉን ያስቀርልሃል። ማህደረ ትውስታውን ግን አያሰፋም። ለእሱ ገደብ ማስፊያ የሚባለው ሞድ ያስፈልጋል፣ በየኮምፒውተሩ።

ቤቢሾ፦ እሺ። ስሙ ግን 4ኬ አይሁን።

ማሂ፦ ስለ ስም 40 መልስ ጻፋችሁ! ለሀርድ ዲስክ ያዋጣችሁት 6 ሰው ብቻ ናችሁ። ቤቢሾ አንተ ራስህ አልከፈልክም።

ቤቢሾ፦ እኔ የምለው ስለ እውነት ነው፣ ስለ ብር አይደለም።

ማሂ፦ እኔ ደግሞ ስለ ብር ነው የማወራው።

ኪሩ፦ በቃ! ዳኒ፣ እሁድ አለፈ እኮ። የት ነህ?

ሄኖክ፦ ዳኒን አትጠብቁት። እኔ ዘንባባውን ብቻ ሞክሬ ነበር። መጀመሪያ ዙር ቅጠሉ ዙሪያውን ነጭ ክር ወጣበት፣ በጠመኔ የተከበበ ይመስል። ምክንያቱ ምስሉ ግልጽ ሆኖ በማይታይበት ቦታ ስር ነጭ ቀለም ተደብቆ አለ። ማሽኑ ሲያሳድግ ያንን ነጭ ከአረንጓዴው ጋር ይቀላቅለዋል። በሁለተኛው ዙር የቅጠሉን ቀለም ወደ ውጭ ገፍቼ ባዶውን ሞላሁት። የግልጽነቱን ክፍል ለብቻው እንደ ጥቁርና ነጭ ምስል አሳደግሁት። ቀለሙን በዚህ፦

```
realesrgan-ncnn-vulkan.exe -i rgb -o out -n realesrgan-x4plus -s 4
```

ከዚያ ሁለቱን መልሼ አጣበቅኩ። ክሩ ጠፋ። ሚፕማፕ የሚባሉትን ለሩቅ የሚሆኑ ትናንሽ ቅጂዎች ረስቼ ግን ሩቅ ያለው ዛፍ ሁሉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ዛሬ እደግመዋለሁ።

የቄራው፦ ጎበዝ ነህ። የሱቅ ታፔላዎቹስ?

ሄኖክ፦ እነሱ ተበላሽተዋል። ፊደሉ ደብዛዛ ሲሆን ማሽኑ የራሱን ፊደል ይፈጥራል። ከሩቅ ጽሑፍ ይመስላል፣ ጠጋ ስትል ምንም አይነበብም።

ጋሽ ታዴ፦ ልጆች፣ ታፔላው የማይነበብ ከሆነ ለምን በአማርኛ አትጽፉትም? የእኔን ጁስ ቤትም አስገቡበት። ለእሱ ከሆነ ቅድሚያ እከፍላለሁ።

ኪሩ፦ ጋሼ፣ ይቻላል! ታፔላውን በእጅ እንሠራለን።

ሄኖክ፦ ከተማው በሙሉ ይቀራል ማለት ነው?

ኪሩ፦ ዘንባባና ታፔላ። ሌላው በሚቀጥለው ዙር።

ሄኖክ፦ ይሁን። ስትጠቀልሉ ግን ተጠንቀቁ። አዲሱ ፋይል ከድሮው ስለሚበልጥ IMG ውስጥ መጨረሻ ላይ ይሄዳል፣ የድሮው ቦታ ባዶ ይቀራል። መጨረሻ ላይ «ሪቢልድ» በሉት። ዋናውን gta3.img ሳትገለብጡ እንዳትነኩት።

ቤቢሾ፦ «ሳን አንድሪያስ በአማርኛ» ልንለው ነው?

ኪሩ፦ ሁለት ታፔላ ነው እኮ።

ማሂ፦ የምትገለብጡት የት ላይ ነው? ሀርድ ዲስኩን የወሰደው ዳኒ ነው።