«ዴስፓይት» እና «ቢኮዝ ኦፍ» ሲሰጡኝ ዓረፍተ ነገሩ ለምን ይበላሽብኛል?

የማታ ተማሪ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ11ኛ ክፍል የማታ ተማሪ ነኝ። ሁለት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮችን በተሰጠው ቃል አያይዙ በሚለው መልመጃ «ኦልዞው» ሲሰጠኝ አልቸገርም፤ «ቢኮዝ ኦፍ» እና «ዴስፓይት» ግን ያሳስቱኛል። «ኢት ሬይንድ ሄቪሊ» እና «ዘ ማች ዎዝ ካንስልድ» የሚሉትን «ቢኮዝ ኦፍ ኢት ሬይንድ ሄቪሊ፣ ዘ ማች ዎዝ ካንስልድ» ብዬ ባያይዛቸው መምህሩ ሰረዘብኝ። ትርጉሙ ግልጽ ሆኖ ሳለ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? ለማንበብ እንዲቀል እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጽፌዋለሁ።

የኮሌጅ ተማሪ፦
ደንቡ አጭር ነው። ከ«ቢኮዝ» እና ከ«ኦልዞው» በኋላ ባለቤትና ግስ ይከተላሉ፤ ከ«ቢኮዝ ኦፍ» እና ከ«ዴስፓይት» በኋላ ግን ስም ብቻ እንጂ ግስ በምንም መልኩ አይገባም። «ኦፍ» የምትለዋን አጥፋትና ዓረፍተ ነገርህ ይስተካከላል።

ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር፦
የወንድማችን መልስ ግማሹ ልክ ነው፤ ነገር ግን መልመጃው ቃሉን ራሱ መርጦ ስለሚሰጥ «ኦፍ»ን ማጥፋት ነጥብ ያስቀንሳል። ልጄ፣ ያሳሳተህ አማርኛህ ይመስለኛል። «ቢኮዝ»ንም «ቢኮዝ ኦፍ»ንም በልብህ «ስለዘነበ» ብለህ ስለምትተረጉማቸው ሁለቱ አንድ ይሆኑብሃል። ከመጻፍህ በፊት «በኃይል ስለዘነበ» የሚለውን «በኃይለኛ ዝናብ ምክንያት» ወደሚለው ለውጠው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንደተለወጠ ልብ በል፤ «ዘነበ» የሚለው ግስ «ዝናብ» የሚል ስም ሲሆን፣ «በኃይል» ደግሞ «ኃይለኛ» ሆኖ ከስሙ ፊት ቆመ። እንግሊዝኛውም ይኸንኑ ያደርጋል፦ «ሬይንድ» «ሬይን» ይሆናል፣ «ሄቪሊ» መጨረሻውን ጥሎ «ሄቪ» ይሆናል፣ መልሱም «ቢኮዝ ኦፍ ዘ ሄቪ ሬይን፣ ዘ ማች ዎዝ ካንስልድ» ነው። ስሙን ለውጠው «ሄቪሊ»ን እንዳለ የሚተዉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ እሱም ስህተት ነው።

ከ«ዴስፓይት» በኋላ ግስ በምንም መልኩ አይገባም የተባለው ግን ልክ አይደለም፤ «አይኤንጂ» የተጨመረበት ግስ ይገባል። «ሂ ዎዝ ሲክ» እና «ሂ ዌንት ቱ ስኩል» ቢሰጡህ «ዴስፓይት ቢይንግ ሲክ፣ ሂ ዌንት ቱ ስኩል» ትክክል ነው፤ የታመመውም የሄደውም አንድ ሰው ስለሆነ። ባለቤቶቹ ሲለያዩ ይህ መንገድ ጉድ ያደርግሃል። «ዘ ሮድ ዎዝ መዲ» እና «ዘ በስ አራይቭድ ኦን ታይም» የሚሉትን «ዴስፓይት ቢይንግ መዲ» ብለህ ብትጀምር ጭቃ የሆነው መንገዱ ሳይሆን አውቶቡሱ ይሆናል። እዚህ «ዴስፓይት ዘ መዲ ሮድ» በል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ልጄን የማስጠናው እኔ ስለሆንኩ ጥያቄው ጠቅሞኛል። ታዲያ «ምንም እንኳ ቢዘንብም ነገር ግን ጨዋታው ተካሄደ» ማለት አይፈቀድም ማለት ነው? እኛ ተማሪ ሳለን እንዲህ ብለን እንጽፍ ነበር።

ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር፦
እመቤቴ፣ የተጠየቀው ስለ እንግሊዝኛው ነው፤ ሆኖም ያነሡት ነገር ከጉዳዩ አይርቅም። በአማርኛው «ነገር ግን» ትርፍ ነው የሚሉም፣ ያጠናክራል የሚሉም አሉ። በእንግሊዝኛው ግን ክርክር የለውም፤ በ«ኦልዞው» የተጀመረ ዓረፍተ ነገር መካከሉ ላይ «በት» አይጨመርበትም።

በሪያድ የቢሮ ሠራተኛ፦
እኔን ያስቸገረኝ «ሀውኤቨር» ነበር። ለአንድ ደንበኛ በጻፍኩት ደብዳቤ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝና በ«ሀውኤቨር» ብቻ አገናኝቼ አለቃዬ በቀይ መለሰልኝ። «ሀውኤቨር» እንደ «በት» ሁለቱን አያጣብቅም፤ ከፊቱ ነጥብ ወይም ሴሚኮሎን፣ ከኋላው ደግሞ ነጠላ ሰረዝ ይፈልጋል። አንድ ነገር ልጨምር፤ በ«ቢኮዝ ኦፍ» ፈንታ «ዲው ቱ» ብል ያስኬዳልን?

የኮሌጅ ተማሪ፦
ያስኬዳል፤ ሁሉም ሰው ይጽፈዋል።

ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር፦
ብዙዎች ይጽፉታል፤ «ዲው ቱ» መከተል ያለበት እንደ «ዎዝ» ያለውን ግስ ብቻ ነው የሚሉ ጥብቅ መምህራን ግን ዛሬም አሉ። እኔ ራሴ በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ሲመጣ አልሰርዘውም ነበር፤ ባልደረባዬ ግን ይሰርዘው ነበር።

የማታ ተማሪ (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መምህር። «ሺ ስተዲድ ሃርድ» እና «ሺ ፌይልድ ዘ ኤግዛም» የሚሉትን «ዴስፓይት ኦፍ ስተዲይንግ ሃርድ፣ ሺ ፌይልድ ዘ ኤግዛም» ብዬ አያያዝኳቸው።

ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር፦
«ኦፍ»ን አውጣት፤ እሷ የ«ኢን ስፓይት ኦፍ» ናት፣ «ዴስፓይት» ብቻውን ይቆማል። ቀሪው ልክ ነው፤ «ሃርድ»ንም ሳትለውጥ መተውህ መልካም ነው፣ «ስተዲይንግ» ግስነቱን አልለቀቀምና። «ሃርድሊ» ብትለው ኖሮ ጭራሽ እምብዛም እንዳላጠናች ይሆንብህ ነበር።