የአባቴን ሕመም ስጽፍ መጨረሻው ላይ ተቸገርኩ

አባቴ ኩላሊቱ ደክሞ ሁለት ዓመት፣ በሳምንት 3 ቀን ዲያሊሲስ ተመላልሷል። ስለዚያ አምስት ገጽ ጽፌያለሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ "አንጀቴ ተላወሰ"፣ "እንባዬ ዱብ ዱብ አለ" የማይል አንቀጽ አልነበረም። ሁሉንም ሰረዝኩ። እህቴ አንብባ "የሐኪም ካርድ መሰለ" አለችኝ፤ እውነቷን ነው።

የወደድኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ውሃ ስለተመጠነበት የቀኑን ድርሻ በቡና ስኒ እየሰፈረ ይጠጣል፣ የመጨረሻዋን ስኒ ለማታ መድኃኒቱ ከድኖ ያስቀምጣል። እዚያ ላይ ስለ እኔ ስሜት አንድም ቃል የለም።

የቸገረኝ መጨረሻው ነው። አንድ ሌሊት ልብሱን ስቀይርለት "ለማንም እንዳትነግሪ" አለኝ። ካወጣሁት ትረካው ይጎድላል፣ ካስገባሁት አዋርደዋለሁ። ገላውን ሳላሳይ፣ ጠዋት ገመድ ላይ ከተሰጣው አንሶላ ብቻ ተነስቼ ያን ሌሊት ለአንባቢ እንዴት ላድርሰው?